ስምና የልደት ቀን አልገጥም ሲል፦ ካቶር ሆኖ ፓስፖርትን፣ ፋይዳንና የባንክ ሒሳብን ማስማማት

ጁባ፣ ካቶር የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሰነዶቹን አለመስማማት አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ኮኞ ኮኞ ገበያ ሲሠራ ከርሞ ለዕረፍት አገር ቤት ይገባል፤ ሒሳቡን ከፋይዳ ጋር ለማያያዝ ባንክ ሲሄድ የመስኮቷ ሠራተኛ ኮምፒዩተሯን አይታ «ስሙ አይገጥምም፤ የልደት ቀኑም ሌላ ነው» ትለዋለች። ወደ ጁባ የሚመለስበት ትኬት የተቆረጠ ነው። በዚያች በቀረችው ጥቂት ቀን ወረዳ፣ ባንክና ኢሚግሬሽን እየተሯሯጠ አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል።

የሚያበላሸው ቅደም ተከተሉን ባለማወቁ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደጮኸበት ቦታ፣ ማለትም ወደ ባንኩ ነው። ባንክ ግን የመጨረሻው ማረፊያ መሆን አለበት። አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ የሆነው በአዲስ አበባ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሆን ከዚያም ወደ ሌሎች ከተሞች እየሰፋ ሄዷል፤ ነባር ደንበኞችም ሒሳባቸውን እንዲያያይዙ እየተጠየቁ ነው። ባንኩ መረጃ ሲያስተካክል የሚያየው ፋይዳው ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ ፋይዳው ተሳስቶ ሳለ ባንኩን ያስተካከለ ሰው ስሕተቱን ወደ ባንክ አስገባ እንጂ ከባንክ አላስወጣም።

ከዚህ በታች ያለው ሥራ ግማሹ ጁባ ተቀምጠው የሚያልቅ ነው። አገር ቤት የሚገቡባትን አጭር ጊዜ ለቀሪው ግማሽ ያድርጓት።

ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ መገልበጥ

ያሉዎትን ሰነዶች ሁሉ ያውጡ፦ ፓስፖርት (የቆየና የተሰረዘም ካለ)፣ የፋይዳ ካርድ ወይም ስልክ ላይ ያለው ቅጂ፣ የባንክ ደብተር፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ እንዲሁም ጁባ ውስጥ ያገኟቸውን የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ወረቀቶች። የእያንዳንዱን ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል በፊደል ይገልብጡ። «ያው ነው» ብለው አያስተካክሉ። ክፍተት ካለ ክፍተቱን፣ እዝባር ካለ እዝባሩን እንዳለ ይጻፉ። የልደት ቀኑንም ሰነዱ ላይ በተጻፈበት ቅርጽ ይገልብጡት እንጂ ወደ ሌላ አቆጣጠር አይቀይሩት።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ሰውዬው ፀጋዬ ደስታ ወልደማርያም ይባል፤ ስሙን ለዚህ ጽሑፍ ስል ያወጣሁለት ነው። የተወለደው ኅዳር 12 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። በቅደም ተከተል የፓስፖርቱ፣ የፋይዳውና አዲስ አበባ ያለው የባንክ ሒሳቡ መረጃ ይህን ይመስላል፦

```
WOLDEMARIAM / TSEGAYE DESTA    21 NOV 1989
Tsegaye Desta Weldemaryam      1990/03/12
SEGAYE DESTA W/MARIAM          12/03/1982
```

ላየው ሰው ሦስቱም የተለያየ ሰው ሰነድ ይመስላሉ። እውነቱ ግን ሦስቱም ከአንድ የልደት ቀንና ከአንድ ስም የመጡ መሆናቸው ነው፤ የተለያዩት መንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሥራ መንገዱን መለየት ነው።

የልደት ቀኑ የት ላይ እንደተጣመመ ማወቅ

ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆች ሲቀየር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ ሰው ዓመቱ ላይ 7፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ለተወለደ 8 ይደመራል። ቀኑና ወሩም አብረው ይቀየራሉ። መስከረም 1 በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ኅዳር 1 ደግሞ ኖቬምበር 10። ስለዚህ ኅዳር 12 ቀን 1982 በትክክል ሲቀየር ኖቬምበር 21 ቀን 1989 ይሆናል። የፀጋዬ ፓስፖርት ትክክል ነው።

ባንኩን ይመልከቱ። 12/03/1982 የተጻፈው ኅዳር ሦስተኛ ወር ስለሆነ ነው። ሒሳቡን የከፈተው ሠራተኛ የእኛን ቀን እንዳለ ወደ ፈረንጆች ሳጥን አስገብቶታል። ባንኩ ፀጋዬን ከእድሜው በ7 ዓመት አስረጅቶታል ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ስሕተት በቀላሉ ይታወቃል፦ ሰነዱ ላይ ያለው ዓመት ከፓስፖርቱ በ7 ወይም በ8 ያንሳል፤ ቀኑና ወሩ ደግሞ እናትዎ ከሚነግሩዎት ቀን ጋር ይገጥማል።

ፋይዳው ላይ ያለው ስሕተት ደግሞ ከዚህ ይልቅ ሰው የማያስተውለው ነው። መዝጋቢው 12ንና 3ን ሳይነካ ዓመቱ ላይ ብቻ 8 ደምሮ ማርች 12 ቀን 1990 አድርጎታል። ሁለት ነገር ተሳስቷል፤ ኅዳር ለተወለደ የሚደመረው 7 ነው፣ ወሩም መቀየር ነበረበት። የፋይዳ ካርድ የልደት ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ስለሚያሳይ ስሕተቱን ለመያዝ ይረዳል። ማርች 12 ቀን 1990 በእኛ መጋቢት 3 ቀን 1982 ነው። ፀጋዬ ካርዱን አውጥቶ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ቢያይ «መጋቢት» የሚል ያገኛል፤ ኅዳር ሚካኤል የተወለደ ሰው መጋቢት ከተጻፈበት ነገሩ አለቀ። ካርድዎን አሁኑኑ አውጥተው በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ቀን ያንብቡ። ብዙ ሰው የሚያየው የፈረንጆቹን ብቻ ነው፤ ስሕተቱ የሚታየው ግን በሌላው ላይ ነው።

ልዩነቱ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ዓመት፣ ዘመነ ዮሐንስ የምንለው፣ በሴፕቴምበር 12 ይጀምራል። ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ዘመነ ዮሐንስ ነው። በእንዲህ ያለ ዓመት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 የተወለደ ሰው የፈረንጆች ቀኑ በአንድ ይጨምራል። ለምሳሌ ኅዳር 12 ቀን 1984 ኖቬምበር 22 ቀን 1991 ነው፤ 21 አይደለም። አንዱ መሥሪያ ቤት ይህን ቆጥሮ ሌላው ሳይቆጥር ሲቀር አንድ ቀን ይለያያል። የአንድ ቀን ልዩነት ለሰው ዓይን ትንሽ ቢሆንም ኮምፒዩተር ግን ከሰባት ዓመት ልዩነት እኩል «አይገጥምም» ብሎ ይጥለዋል።

ሌላው የተለመደ ነገር ዓመቱ ብቻ የሚታወቅ ሰው ነው። ቀኑን የማያውቅ ሰው ወረዳ ሲሄድ ብዙ ጊዜ መስከረም 1 ይጻፍለታል፤ የውጭ አገር መሥሪያ ቤት ደግሞ ጃንዋሪ 1 ይጽፍለታል። ሁለቱ አንድ ቀን አይደሉም። መስከረም 1 ቀን 1982 ሴፕቴምበር 11 ቀን 1989 ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 1982 ነው። እንደዚህ ከሆኑ የትኛውም «እውነተኛ» ስላልሆነ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ይዘው ሌሎቹን ወደ እሱ ማምጣት ይሻላል።

የስሙን ልዩነት ማንበብ

በስም ላይ ሦስት ዓይነት ልዩነት አለ፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው።

አንደኛው የፊደል አጻጻፍ ነው። የእኛን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ለመጻፍ ሁሉም መሥሪያ ቤት የሚከተለው አንድ ሥርዓት የለም። ፀጋዬ TSEGAYE፣ TSEGAY፣ SEGAYE ሊሆን ይችላል። ቀለሟ በK ወይም በQ፣ ወልደ በWOLDE ወይም በWELDE፣ ሙሐመድ በአምስት ዓይነት ይጻፋል። አማርኛው አንድ እስከሆነ ድረስ ይህ የስም ለውጥ አይደለም፤ ፍርድ ቤትም አያስኬድም። የአጻጻፍ ማስተካከያ ብለው ያመልክቱ። «ስሜን ልቀይር» ካሉ ግን መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ወደ ሌላ፣ ረጅም መንገድ ይመራዎታል። ማመልከቻዎ ላይ የሚጽፉት ቃል ጉዳይዎ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ይወስናል።

ሁለተኛው አቀማመጥ ነው። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ለብቻው ይቀመጣል፤ የራስና የአባት ስም አንድ ላይ ይከተላሉ። ጁባ ያለ ባንክ ወይም የስልክ ድርጅት ይህን ሳያውቅ «WOLDEMARIAM TSEGAYE» ብሎ የአባትን ስም ይጥለዋል። ከዚህ የባሰው ወልደማርያም፣ ገብረመድኅን፣ ኃይለሥላሴ የመሳሰሉት ድርብ ስሞች ጉዳይ ነው። ተለያይተው «WOLDE MARIAM» ከተጻፉ አያቱ MARIAM ሆነው ይቀራሉ። አገር ቤት ደግሞ ወ/ማርያም፣ ገ/መድኅን እያሉ ማሳጠር ልማድ ስለሆነ ባንኮች W/MARIAM ብለው መዝግበዋል። እዝባር ፓስፖርት ላይ ቦታ የለውም።

ፓስፖርትዎ ስምዎን እንዴት እንደከፈለው በእርግጠኝነት ለማወቅ ፎቶው ካለበት ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች ያንብቡ። እያንዳንዳቸው 44 ምልክት አላቸው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ማሽን የሚያነበው እነሱን ነው። የፀጋዬ የመጀመሪያው መስመር ይህ ነው፦

```
P<ETHWOLDEMARIAM<<TSEGAYE<DESTA<<<<<<<<<<<<<
```

ሁለቱ ጥምር ምልክቶች የቤተሰብ ስሙ የት እንዳለቀ ያሳያሉ። ወልደማርያም ለሁለት ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ WOLDE<MARIAM ይል ነበር። በሁለተኛው መስመር ላይ ከETH ቀጥሎ ያሉት ስድስት ቁጥሮች የልደት ቀን ናቸው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል። ለፀጋዬ ETH8911218M ይላል፦ 89፣ 11፣ 21፤ ቀጥላ ያለችው 8 የማረጋገጫ ቁጥር ናት፣ M ደግሞ ወንድ ማለት ነው። ከላይ በፊደል የታተመው ቀንና ይህ የማይገጥም ከሆነ ፓስፖርቱ ሲታተም የተፈጠረ ስሕተት ነው፤ ሌላ ማስረጃ ሳይፈልጉ ወደ ኤምባሲ ይሂዱ።

ሦስተኛው ስሙ ራሱ የተለየ ሲሆን ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው የአያት ስም የሌላ ሰው ከሆነ፣ ወይም አንዱ ሰነድ የቤት ስም ሌላው የክርስትና ስም ከያዘ፣ አማርኛውም ስለማይገጥም የአጻጻፍ ማስተካከያ አይባልም። ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ወይም ስሙ መለወጡን ፍርድ ቤት ሊወስንበት ይገባል። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ እድሜ ተጨምሮ የወጣ ፓስፖርት ያላቸው እህቶችም እዚህ ውስጥ ይገባሉ፤ በዚያ ፓስፖርት ኖረው በኋላ ጁባ የመጡ አሉ። የእነሱ ጉዳይ የመዝጋቢ ስሕተት ስላልሆነ መስኮት ላይ አያልቅም። ጠበቃ አማክረው፣ በእውነተኛው የልደት ማስረጃ ተደግፈው በፍርድ ቤት መሄድ አለባቸው። አዲስ «የሚገጥም» የልደት ምስክር ወረቀት አሠርቶ መሸፈን ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ነው፤ ያስቀጣልም።

ማን ወደ ማን ይምጣ

ሰነዶቹ ሲለያዩ አንዱን መሠረት ማድረግ ግድ ነው። ጁባ ለሚኖር ሰው ምርጫዬ ግልጽ ነው፦ ፓስፖርቱ የልደት ቀኑን ትክክል ይዞ፣ ስሙም በአማርኛ የእርስዎ እስከሆነ ድረስ ፓስፖርቱን አይንኩት። የእንግሊዝኛ አጻጻፉ ባይወዱትም ይተዉት። ቪዛው፣ የመኖሪያ ወረቀቱ፣ የሥራ ፈቃዱ፣ የጁባ ባንክ ሒሳቡ፣ የስልክ መስመሩ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ሁሉ በዚያ ፓስፖርት ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንዲት E ለማስተካከል ብሎ ይህን ሁሉ ማፍረስ ዋጋ የለውም። ፋይዳውና ባንኩ ወደ ፓስፖርቱ ይምጡ።

ፓስፖርቱ ላይ የልደት ቀኑ የተሳሳተ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያን ጊዜ መሠረቱ የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ ቅደም ተከተሉም የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳ፣ ፓስፖርት፣ ባንክ ይሆናል። የልደት ምዝገባ ወረቀቱ ራሱ ሲጻፍ የተሳሳተ እንደሆነ መጀመሪያ የሚታረመው እሱ ነው። ወደ ወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ ከእሱ በፊት የተሰጡ አሮጌ ማስረጃዎችን ይያዙ፤ የክርስትና ካርድ ወይም የሚኒስትሪ ካርድ ክብደት የሚኖረው ጉዳዩ ከመነሳቱ ከዓመታት በፊት ስለተጻፈ ነው። ትናንት የወጣ ወረቀት ትናንት የወጣን ሌላ ወረቀት አያስረዳም።

የፀጋዬ ፓስፖርት ትክክል ስለሆነ የእሱ ሥራ ሁለት ብቻ ነው፦ ፋይዳው፣ ከዚያ ባንኩ።

ፋይዳውን ማስተካከል

መጀመሪያ መደረግ የሌለበትን ልናገር። «የድሮውን ትቼ እንደ አዲስ ልመዝገብ» የሚል ምክር ካቶር ውስጥም አዲስ አበባም ይሰማሉ። አይሠራም። ፋይዳ የአሥሩን ጣት አሻራና የሁለቱን ዓይን ብሌን ስለሚይዝ ሁለተኛው ምዝገባ ከመጀመሪያው ጋር ይጋጫል፤ ስምዎን ቀይረው ቢሄዱም ጣትዎ ያው ነው። ያለውን መዝገብ ማሳረም ብቻ ነው መንገዱ።

ለማሳረም ዋናውን ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ ካለም የነዋሪነት መታወቂያውን ይዘው ወደ ፋይዳ ምዝገባ ጣቢያ ይሄዳሉ። ፎቶ ኮፒ ብቻ ይዞ መሄድ መንገድ ማባከን ነው። የሚታረሙትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያቅርቡ። ፀጋዬ የልደት ቀኑን ብቻ አሳርሞ WELDEMARYAMን ቢተወው በሚቀጥለው ዓመት ለዚያው ሌላ ሰልፍ ይቆማል። መዝጋቢው ሲጽፍ ማያ ገጹን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። የእንግሊዝኛ ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል፣ ክፍተቱን ሳይቀር ያነጻጽሩ። የልደት ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር እያስገባ እንደሆነ በቃል ይጠይቁት፤ የፈረንጆቹን ካስገባ በኋላ በእኛ አቆጣጠር የሚመጣውን ያንብቡ። ፀጋዬ እዚያ ላይ «ኅዳር 12» የሚለውን እስኪያይ ድረስ ከወንበሩ መነሳት የለበትም።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ጁባ እያሉ ያረጋግጡ፦ ፋይዳ ላይ የተመዘገበው የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥር ይሠራል? የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት የሚመጣው ወደዚያ ስልክ ነው። ብዙ ሰው ጁባ ገብቶ የደቡብ ሱዳን ሲም ሲያወጣ የአገር ቤቱን ሲም መሳቢያ ውስጥ ይረሳዋል፤ ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት መስመር ይዘጋና ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ቁጥሩ ከእጅዎ ወጥቶ ከሆነ ከስሙና ከልደት ቀኑ ጋር የስልኩም ለውጥ አብሮ ይታይልዎ። ካልሆነ የሌላ ሰው ስልክ ላይ የእርስዎ የማረጋገጫ ቁጥር ይደርሳል። ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥርና የሚላክልዎን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም ጉዳይ አስፈጻሚ አብረው አይስጡ።

ፓስፖርት መታረም ካለበት

ጁባ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማመልከቻውን ይቀበላል፤ ፓስፖርቱን የሚያትመው ግን አዲስ አበባ ያለው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። በመካከል ያለው ጊዜ እርስዎ የሚቆጣጠሩት ስላልሆነ የመኖሪያ ወይም የሥራ ፈቃድዎ ሊያልቅ በተቃረበበት ወር ይህን አይጀምሩ። መጀመሪያ ፈቃዱን በነበረው ፓስፖርት ያሳድሱ፣ ከዚያ ያመልክቱ።

ከአገር ቤት የሚመጣው ማስረጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀትም ይሁን የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ቢመጣ ይሻላል። ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዞ ሄዶ መመለስ የተለመደ ነው። አዲሱ ፓስፖርት ሲመጣ አሮጌውን ተሰርዞ ይመለስልኝ ይበሉ፤ ቪዛዎና የመግቢያ ማኅተሞችዎ ያሉት እሱ ላይ ነው። ከኤምባሲውም በአሮጌውና በአዲሱ ፓስፖርት ላይ ያለው ሰው አንድ መሆኑን፣ የሁለቱንም ፓስፖርት ቁጥርና የተለወጠውን ነገር ጠቅሶ የሚገልጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ይጠይቁ። የደቡብ ሱዳን መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ያ ደብዳቤ ለኢሚግሬሽኑም፣ ለሥራ ፈቃዱም፣ ለጁባው ባንክም ያገለግላል። ሦስቱንም በየተራ ያስተካክሉ፤ አንዱን ካስቀሩ ኬላ ላይ ወይም ፍተሻ ላይ የሚያስረዳዎት ሰው አይኖርም።

ፓስፖርትዎን ከካቶር ለሌላ ሰው አስይዘው «ያስጨርስልኛል» ብለው አይተዉት። ባዕድ አገር ፓስፖርት የሌለው ሰው ማንነቱን የሚያሳይበት ነገር የለውም። ቅጂውን ግን በስልክዎም በወረቀትም ይያዙ።

ባንኩ፣ በመጨረሻ

ፋይዳው ተስተካክሎ ሲያልቅ ፀጋዬ ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ይሄዳል፤ ሒሳቡን የከፈተበት ቅርንጫፍ ቢሆን ይመረጣል፣ ያኔ የፈረመበት የመክፈቻ ቅጽ የሚገኘው እዚያ ነውና። ፓስፖርቱን፣ ፋይዳውን፣ ደብተሩንና ሒሳቡ ሲከፈት ያቀረበውን የቀበሌ መታወቂያ ይይዛል። የሚያመለክተው «የደንበኛ መረጃ ማስተካከያ» ነው፦ SEGAYE DESTA W/MARIAM ተብሎ የተመዘገበው TSEGAYE DESTA WOLDEMARIAM ተብሎ እንዲታረም፣ የልደት ቀኑም ከ12/03/1982 ወደ 21/11/1989 እንዲስተካከል፣ የመጀመሪያው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሳይቀየር የገባ መሆኑን ጠቅሶ ይጽፋል። ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ዋጋዋ ብዙ ነው። ሠራተኛው የሰባት ዓመት ልዩነት ሲያይ ይጠራጠራል፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ተጽፎ ሲያገኘው ግን ራሱ ቆጥሮ ያረጋግጣል። ቀኑን በሚጽፉበት ጊዜ ወሩን በቁጥር ብቻ አይተዉት፤ «21 ኖቬምበር 1989» ብለው ይጻፉ። 12/03 ማለት ለአንዱ ማርች 12 ለሌላው ዲሴምበር 3 ነው።

ከዚያ በኋላ ብቻ ፋይዳውን ከሒሳቡ ጋር ያያይዛል። ከተያያዘም በኋላ የሞባይል ባንኪንጉ፣ የኤቲኤም ካርዱና ሌሎች ሒሳቦች ካሉት እነሱም በአዲሱ ስም እንደመጡ ይጠይቅ። አንዳንዴ የደንበኛው መዝገብ ታርሞ ካርዱ ላይ የድሮው ስም ይቀራል።

አገር ቤት መግባት ያልቻለ ሰው በውክልና ይሞክራል። ውክልናው ጁባ ኤምባሲው ውስጥ ይፈረማል፤ አዲስ አበባ ደርሶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይመዘገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ኤምባሲው ውክልናውን የሚጽፈው በፓስፖርቱ ስም ነው፤ ባንኩ ደግሞ ሒሳቡን የሚያውቀው በሌላ አጻጻፍ ነው። ወኪሉ መስኮት ላይ ሲደርስ «ይህ ውክልና የዚህ ሒሳብ ባለቤት የሰጠው አይደለም» ይባላል። ስለዚህ ውክልናው ሲጻፍ ሁለቱም አጻጻፎች ይግቡ፦ «በባንኩ መዝገብ SEGAYE DESTA W/MARIAM ተብዬ የተመዘገብኩት» የሚል ሐረግ ከሒሳብ ቁጥሩ ጋር ይጠቀስ። የተሰጠውም ሥልጣን ገንዘብ ማውጣት ብቻ ሳይሆን የደንበኛ መረጃ ማስተካከልን በስም ይጥቀስ። እንዲያም ሆኖ ባንኩ ባለቤቱ በአካል ይቅረብ ሊል ይችላል፤ አሻራ የሚጠይቅ ነገር በወኪል አይሠራም። ውክልናውን ከማሠራትዎ በፊት ዘመድ ልከው ቅርንጫፉን ያስጠይቁ።

እስኪስተካከል ድረስ ከጁባ ወደ ራስዎ ሒሳብ ገንዘብ ሲልኩ የተቀባዩን ስም ባንኩ አሁን በያዘው አጻጻፍ ይጻፉ፤ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ከላኩት ገንዘቡ ሊታገድ ወይም ሊመለስ ይችላል። ለዘመድ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ሲሆን ደግሞ ዘመድዎ በሚያሳየው መታወቂያ ላይ ያለውን ስም፣ ከተቻለ ፎቶ አስልከው አይተው፣ እንዳለ ይገልብጡ።

የመጀመሪያዋን ወረቀት፣ ሁሉንም ስምና ቀን የገለበጡባትን፣ አይጣሏት። አዲሱ መረጃ በየመሥሪያ ቤቱ ሲገባ ከጎኗ ቀኑን ይጻፉባት፤ ያስገቡትንም ማመልከቻ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ከእሷ ጋር ያያይዙ። ለልጅዎ ፓስፖርት ሲያወጡ የእርስዎ ስም የልጁ የአባት ወይም የእናት ስም ሆኖ እንደገና ይጻፋል፤ መዝጋቢው ፊት ያችን ወረቀት አስቀምጠው ከላይዋ ያስገልብጡት።